እሑድ አልችልም፣ ማክሰኞ ግን እመጣለሁ

«ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሜክሲኮ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ የኮሌጅ ክፍያዬን እስከ መጨረሻው የከፈሉልኝ አብሮ አደጉ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ዋሽንግተን አካባቢ መኖር ከጀመሩ ከ25 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከአራት ቀን በፊት በቴሌግራም ‹መስከረም 30 አርብ እገባለሁ። እሑድ 9:00 ላይ ቦሌ ሆቴሌ ነይ፤ ቁጭ ብለን እንጫወታለን› ብለው ጻፉልኝ። ያ እሑድ ጥቅምት 2 ቀን የጓደኛዬ ሴት ልጅ ሰማንያ ቀኗ የሚሞላበት ነው፤ ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ድግሱ መሀል እሆናለሁ። ባለፈው ዓመት ሲመጡም ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለ ነበርኩ ሳንገናኝ ተመልሰዋል። አሁን ደግሞ እምቢ ካልኩ ውለታ ቢስ እንዳይሉኝ ፈርቼ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁም። ክርስትናውን ለሌላ ሰው ልተወው? ወይስ አሞኛል ልበላቸው?

ግራ የገባት፣ ከሰሚት»

እኅቴ፣ ክርስትናውንም አትተዪ፣ አሞኛልም አትበያቸው። ከሁሉ በፊት ግን የላኩልሽን መልእክት እንደገና ክፈቺና ተመልከቺው። የጻፉት «9:00» ብቻ ነው። «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን የጨመርሽው አንቺ ነሽ።

አንቺ ቀኑን ከንጋት ጀምረሽ ስለምትቆጥሪ ዘጠኝ ሰዓት ሲባል ፀሐይ ወደ ምዕራብ ማዘንበል የጀመረችበት ሰዓት ይታይሻል። ጋሼ ግን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሥራ የገቡትም፣ የሐኪም ቀጠሯቸውን የጠበቁትም፣ አውሮፕላን የተሳፈሩትም ከእኩለ ሌሊት በሚቆጥረው ሰዓት ነው። በዚያ ቆጠራ የጠዋቱ 9:00 የእኛ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ውጭ አገር ከሚኖሩ ዘመዶቼ ጋር በቀጠሮ ስንተላለፍ ያየሁትን ልንገርሽ፦ አንዳንዱ ወደ አገር ቤት ሲጽፍ ሰዓቱን አስቦ ወደ እኛ ይመልሰዋል፤ አንዳንዱ ስልኩ ላይ የሚያየውን እንዳለ ይገለብጣል፤ በአንድ መልእክት ውስጥ ሁለቱን የሚያቀላቅልም አለ። ጋሼ የትኛውን እንዳደረጉ ከአንዲት መስመር ማወቅ አይቻልም።

ይህን የማነሣው ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። «ጋሼ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ድግስ ስላለብኝ አልችልም» ብለሽ ብትመልሺላቸውና እርሳቸው ያሰቡት ጠዋትን ቢሆን፣ ደስ ብሏቸው «እኔስ ጠዋት ነው ያልኩሽ፤ እንግዲያው ምንም አይደል» ይሉሻል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንቺ ያለሽው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከሌሊቱ ጀምሮ ቆመሽ፣ ሕፃኗን ታቅፈሽ፣ ስልክሽን አጥፍተሽ። ስለዚህ ደግመሽ እምቢ ልትያቸው ነው። አንድ እምቢታ ትልቅ ሰው ይረዳል። በአንድ ቀጠሮ ላይ ሁለተኛው ሲደገም ግን ሰበብ ፍለጋ ይመስላል፤ እውነት ሆኖም እንኳ ይመስላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የምትመልሺው ቀኑን በሙሉ እንጂ ሰዓቱን አይደለም። «ያ እሑድ ከሌሊት እስከ ማታ ተይዟል» ካልሽ ጠዋትም አሉት ከሰዓት መልሱ አንድ ይሆናል፣ የሰዓቱ መምታታትም አያጋጫችሁም። ከጠቀሱት ሰዓት ላይ ተነሥተሽ አትከራከሪ፤ «ጠዋት ማለትዎ ነው ወይስ ከሰዓት?» የሚለውም ጥያቄ ለዚህ እሑድ አያስፈልግሽም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ግን በጣም ያስፈልግሻል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

አሁን ስለ «አሞኛል»። ኃጢአትነቱ ይቅርና ለጉዳይሽም አይበጅም። በእኛ አገር ለታመመ ሰው የሚደረገውን ታውቂያለሽ። ጋሼ ከሁለት ሻንጣቸው አንዱን እንኳ ሳይፈቱ ብርቱካን ገዝተው ሰሚት ይመጣሉ፤ አንቺ ደግሞ የክርስትና ነጭ ቀሚስሽን ለብሰሽ ሌላ ሰፈር ነሽ። «ለቅሶ አለብኝ» ብትያቸው ደግሞ ይብሳል፤ «ማን ሞተ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሊያስተዛዝኑም ይነሣሉ። የፈጠርነው ምክንያት ሰውን ያርቅልናል ስንል እኛው ዘንድ ያመጣዋል፤ ምክንያቱም ወግ ያለው ሰው ችግር ሲሰማ ዝም አይልም።

አንቺ ግን ውሸት የሚያስፈልግሽ ሰው አይደለሽም። በእጅሽ ያለው ምክንያት ከምክንያቶች ሁሉ የጠነከረ ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ትጠመቃለች፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀን። ቀኑን አንቺ አልመረጥሽውም፣ ጓደኛሽም አልመረጠችውም፤ ሕፃኗ ስትወለድ ተቆርጦ ያለቀ ነው። ክርስትና ማንሣት ደግሞ ቃል የተገባበት ነገር ነው፤ በስተመጨረሻ ሌላ ሴት ተክቶ መቅረት ለጓደኛሽም ለልጅቷም የዕድሜ ልክ ቅሬታ ይሆናል። ጋሼ ከአባትሽ ጋር አብረው ያደጉ ሰው ናቸው። ይህን ሲሰሙ «እኔ ቀረሁባት» አይሉም፤ «የሰው ልጅ ልታነሣ ነው» ይላሉ። እንዲያውም ለክርስትናው ብላ የኔን ቀጠሮ ያዛወረች ልጅ ለእኔም ቃሏን ትጠብቃለች ብለው ቢያስቡ አይገርመኝም።

ምክንያቱን ግን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪው። ፍርሃት ሲይዘን ምክንያት እንደራርባለን፦ ክርስትናው አለ፣ ደግሞ ሰኞ ሒሳብ መዝጊያ ነው፣ መንገዱም ይዘጋጋል፣ እናቴንም ትንሽ አሟታል። ሰሚው ከአራቱ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ መመዘን ይጀምራል፤ አንዱ ቀላል ሆኖ ከታየው ሌሎቹንም ያቀልላቸዋል። ጠንካራውን አንዱን ተናግረሽ ዝም በይ።

ስለ ቃላቱም ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። «አይመቸኝም» ለእኩያ፣ ለሥራ ባልደረባ ደኅና ቃል ነው። ለጋሼ ግን አትበዪው፤ የእርሳቸውን ጥሪ በአንቺ ምቾት የመዘንሽ ያስመስላል። «አልችልም» ብቻውን በር ይዘጋል። «ቃል የገባሁበት ቀን ሆነብኝ» የሚለው ግን ነገሩን ከፍላጎትሽ አውጥቶ ከቃልሽ ጋር ያስረዋል፤ ትልቅ ሰው የሚያከብረውም ይህንን ነው። ከሁሉ የከፋው «ሌላ ጊዜ» ነው። «ሌላ ጊዜ»፣ «እናያለን»፣ «እንደዋወላለን»፣ «እግዚአብሔር ካለ አንድ ቀን» ስንል እኛ ቀጠሮ ያራዘምን ይመስለናል። ሰሚው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እነዚህን ቃላት የሰማው ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ሲያፍር ነው። ቀን ያልተጠራለት «ሌላ ጊዜ» በአማርኛ ጨዋ እምቢታ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶብኝ ነው። በወጣትነቴ ብዙ የደገፉኝ አንድ መምህር ቅዳሜ ቡና እንጠጣ ብለው ጠሩኝ። ያን ቀን እኅቴን ከመናኸሪያ መቀበል ነበረብኝና «ይህን ቅዳሜ አልችልም፤ ሌላ ጊዜ እንገናኛለን» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አልደወሉም፤ እኔም ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል እያልኩ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ሠርግ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናወራ፣ ያለ ምንም ቅያሜ፣ ነገሩን እንደ ተራ ነገር አድርገው «ያን ጊዜ አልፈለግሽም ብዬ ነው ያላስቸገርኩሽ» አሉኝ። እህሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ያን ዕለት «በሚቀጥለው ረቡዕ በ11 ሰዓት ልምጣ?» ብዬ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ዓመታት ባልባከኑም ነበር።

ስለዚህ ከመደወልሽ በፊት ሁለት ቀን በእጅሽ ይኑር። ሁለት ያልኩት አስቤበት ነው። አንድ ብቻ ካቀረብሽ እርሳቸው ሳይችሉ ሲቀሩ ወደ «እንግዲያው እንደዋወላለን» ትወድቃላችሁ። አምስት ካቀረብሽ ደግሞ የመምረጡን ሸክም በእንግዳው ላይ ጫንሽ። ሁለቱ ቀናት በዓይነታቸው ቢለያዩ መልካም ነው፦ በአንዱ አንቺ ወደ እርሳቸው ትሄጃለሽ፣ በሌላው እርሳቸውን ወደ ቤትሽ ትጠሪያለሽ።

እኔ ብሆን የምመርጣቸው እነዚህን ነው። የመጀመሪያው ማክሰኞ ጥቅምት 4፣ ማታ በ12 ሰዓት ተኩል፣ እርሳቸው ያረፉበት ሆቴል። ሰኞን የተውኩት ስለ አንቺ ነው። እሑድ ከሌሊት ጀምሮ ቆመሽ፣ ቀኑን ስታስተናግጂ ውለሽ፣ ሰኞ ማታ የምትደርሺላቸው እያዛጋሽ ነው። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው፤ እራት ሊጋብዙሽ ቢያስቡ፣ ከአሜሪካ ሲመጡ የናፈቃቸው ክትፎ ከሆነ፣ ያስከፋል። ማታውን የመረጥኩት ግን በዋናነት ስለ እርሳቸው ነው። አሁን በእኛና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው። እሑድ ጠዋት እዚህ ሦስት ሰዓት ሲል እዚያ ገና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ አርብ የገባ ሰው ገላው እንቅልፍ ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግን የእርሳቸው ገላ የሚቆጥረው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ነቅተው፣ ጨዋታም አምሯቸው ታገኛቸዋለሽ። ከአውሮፕላን በወረዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙዎች ጠዋት ይከብዳቸዋል፣ ሌሊት ደግሞ ዓይናቸው ይፈጣል። ይህንን ግን እንደ ምክንያት አታቅርቢላቸው። «ጠዋት ይደክምዎታል» ማለት ስለ እርሳቸው ገላ መወሰን ነው፤ አንቺ አስበሽበት ሰዓቱን ምረጪ እንጂ አትናገሪው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ጥቅምት 8፣ ምሳ በቤትሽ። ይህ ለእርሳቸው ትልቅ ነገር ይመስለኛል። ያስተማሯት ልጅ በራሷ ደመወዝ የተከራየችውን ወይም የገዛችውን ቤት አይተው፣ በእጇ የሠራችውን በልተው መመለስ ከሆቴል ሻይ ጋር አይወዳደርም። ከዚያ አርቀሽ አትቀጥሪ። ለጥቂት ሳምንት የመጣ ሰው በመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ቀናት የራሱ አይደለም፤ በርበሬና ሽሮ ያስፈጫል፣ ሻንጣ ያስመዝናል፣ ያልተሰናበተው ዘመድ ይቆጣል። ባለፈው ዓመት የተላለፋችሁትም፣ ምናልባት፣ ነገሩ ወደ መጨረሻ እየተገፋ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደውይላቸው። በጽሑፍ አይደለም፤ በድምፅሽ። እምቢታ በጽሑፍ ሲደርስ የሚያነበው ሰው በገዛ ስሜቱ ድምፅ ነው የሚያነበው፤ ያዘነ ሰው አዝኖ ያነበዋል። ከዚህም በላይ መልእክታቸውን እንዳየሽው የቴሌግራሙ ሁለት ምልክት ነግሯቸዋል። አራት ቀን አይተሽ ዝም ማለትሽን ያውቃሉ። ይህን ዝምታ የሚሰብረው ድምፅ ነው። ሰዓቱን ምረጪ፦ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ብትደውዪ እዚያ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ቢሮ ስትገቢ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ብትደውዪ ግን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ትቀሰቅሻቸዋለሽ፤ ለድንገተኛ መርዶ የሚደወልበት ሰዓት ነው። በነገራችን ላይ ከጥቅምት 23 ጀምሮ እዚያ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል፤ ከተመለሱ በኋላ ስትደውዪላቸው አስታውሺው።

ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል። «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ደኅና ነዎት? መምጫዎን ቀን እየቆጠርኩ ነው። መልእክትዎን አይቼ አራት ቀን ሳልመልስ ቆየሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ገና እንደገቡ የመጀመሪያውን እሑድ ለእኔ መስጠትዎ በጣም ነው ደስ ያሰኘኝ። ያ እሑድ ክርስትና ላነሣ ቃል የገባሁበት ቀን ሆነብኝ፤ የጓደኛዬ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነው፣ ከሌሊት እስከ ማታ እዚያው ነኝ። ማክሰኞ ጥቅምት 4 ከሥራ ስወጣ፣ ማታ በ12 ሰዓት ተኩል፣ ሆቴልዎ ልምጣ? ወይስ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቤቴ መጥተው ምሳ አብረን እንብላ? የሚሻልዎትን ይንገሩኝ።»

እንዳለ አትቀጂው፤ በራስሽ አንደበት አድርጊው። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቂ። የዘገየሽበትን በአንድ ቃል ይቅርታ ጠይቀሽ አልፈሽዋል፤ ለምን እንደዘገየሽ መተረክ አያስፈልግም። ከዚያ እምቢ ከማለትሽ በፊት የሰጡሽን ስጦታ በስሙ ጠርተሽዋል። ይህን ልብ በይ። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያ እሑዱን የሚሰጠው ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ ነው። ጋሼ ለአንቺ ሰጥተውሻል። ይህን እንዳየሽላቸው ካላወቁ ቀኑን መመለስሽ ስጦታውን እንደ መመለስ ይቆጠራል፤ እንዳየሽላቸው ካወቁ ግን ቀኑ ብቻ ነው የተለወጠው። ምክንያቱን ከተናገርሽ በኋላም ትንፋሽ ሳትወስጂ ወደ ማክሰኞ ተሻገሪ። እዚያ መሀል ላይ ዝም ካልሽ ባዶው ቦታ በ«ምንም አይደል፣ ተዪው» ይሞላል፣ እርሱ ከተባለ በኋላ ደግሞ ማክሰኞን ማንሣት እንደ ማባበል ይሆናል።

እንግዲህ ምን ሊሉ ይችላሉ? አብዛኛው እድል «ጎሽ ልጄ፣ ማክሰኞ ይሁን» የሚል ነው። ነገር ግን «አይ፣ አሁንማ ትልቅ ሰው ሆነሻል፤ ለእኛ ጊዜ ከየት ይመጣል» ቢሉስ? ይህ ንግግር ግማሹ ፍቅር ነው፣ ግማሹ ያለፈው ዓመት ነው። ክርስትናውን እንደገና ማስረዳት አትጀምሪ፤ የሚጠይቁሽ እርሱን አይደለም። ያለፈውን ዓመት መልሺላቸው፦ «ጋሼ፣ አምና ሳላገኝዎ መመለስዎ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቀኑን አሁን ቆርጬ የምጠይቅዎ ለዚህ ነው። ማክሰኞን ይስጡኝ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ለዚህ ጊዜ አስቀምጪው። በመግቢያሽ ላይ አምናን ካነሣሽ የረሱትን ቅሬታ ታስታውሻቸዋለሽ፤ እርሳቸው ካነሡት ግን ካሣው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

«ከመጣሁ በኋላ እንደዋወላለን» ካሉ ደግሞ አሁን ቀን ያልጠሩት እርሳቸው ናቸው። አትጫኚያቸው፤ ግን አንድ ክር ያዢ፦ «ይሁን ጋሼ፤ እስከዚያው ማክሰኞ ማታን ለእርስዎ ይዤ ልቆይ?» በይ። ሰው የተያዘለት ቀን ሲኖር ፕሮግራሙን በዙሪያው ያስተካክላል። ሁለቱም ቀናት ካልሆኑላቸው «ያልተያዘብዎ ቀን የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂ፣ የሚሉሽንም እዚያው ስልኩ ላይ እያላችሁ ተቀበዪ። አንዴ እርሳቸው በመረጡት ቀን እምቢ ብለሻልና ለሁለተኛው የግድ አንቺ ነሽ የምትመቻቺው፤ አለቃሽን ግማሽ ቀን ፈቃድ መጠየቅ ቢያስፈልግሽ እንኳ።

አንድ ሌላ መልስም ሊመጣ ይችላል፤ እኔ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። «እንግዲያው እኔም ክርስትናው ላይ እመጣለኋ!» ይሉ ይሆናል። ደስ የሚል ነው፤ ቤቱ ግን የጓደኛሽ ነውና ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ንገሪያት፤ የሚያስደስታት ይመስለኛል። ይሁን እንጂ በዚያ ድግስ መገናኘታችሁን እንደ ቀጠሮው አትቁጠሪው። ክርስትና እናት ድግስ ላይ ትቆማለች እንጂ አትቀመጥም፤ ጋሼም ከማያውቋቸው ሰዎች መካከል ተቀምጠው ዓይናቸው አንቺን ሲከተል ይውላል። ማክሰኞ እንዳለ ይቆይ።

ከተስማማችሁ በኋላ በዚያው ምሽት አጭር መልእክት ጻፊላቸው። አሁን ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ የሚያስታውስ እንጂ የሚያስከፋ ነገር የለበትምና። ቀደም ሲል ያቆየሁት የሰዓት ነገር የሚገባው እዚህ ነው። በሁለቱም ቆጠራ ጻፊው፣ የቀኑንም ስም አትተዪ፦ «ጋሼ፣ እንደተነጋገርነው ማክሰኞ ጥቅምት 4፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ ማታ በ12 ሰዓት ተኩል፣ ስልክዎ ከቀትር በኋላ 6:30 ሲል፣ ሆቴልዎ እመጣለሁ። በሰላም ይግቡልኝ።» «በእናንተ ሰዓት» የሚል ቃል እንዳታስገቢ። ከአገሩ የራቀ ሰው «እናንተ» ሲባል ይሰማዋል፤ «ስልክዎ» በቂ ነው፣ ስልኩ ሲያርፉ ራሱ የአዲስ አበባን ጊዜ ይይዛል።

አርብ ጠዋት እንደገቡ «እንኳን ደኅና ገቡ» ለማለት ደውዪ። በዚያ ስልክ ስለ እሑድ ይቅርታ አትድገሚ፤ ያለቀ ነገር ነው፣ ደጋግሞ መጠየቁ ይቅር ያሉትን ሰው እንደገና ይቅር እንዲሉ ማስቸገር ነው። ማክሰኞን ብቻ አስታውሺያቸው።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ከሜክሲኮ እስከ ቦሌ በዚያ ሰዓት ያለውን መንገድ አንቺው ታውቂዋለሽ። ከቢሮ የምትወጪው 11 ሰዓት ተኩል ከሆነ አንድ ሰዓት አለሽ፤ ሰኞ ዕለት ለአለቃሽ ነግረሽ ሩብ ሰዓት ቀደም ብትይ የበለጠ ደኅና ነው። መንገድ ከያዘሽ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ደውዪ እንጂ ከሞላ በኋላ አይደለም። ይህ ቀጠሮ በምንም አይሰረዝም፤ በእምቢታ ምትክ የሰጠሽው ነውና።

እሑድ ድፎው ሲቆረስ የእርሳቸውን ድርሻ ለይተሽ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪ። ማክሰኞ ይዘሽላቸው ሂጂ፤ የሕፃኗንም ስመ ክርስትና ንገሪያቸው።